የጌም ፀጉር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች፦ ካርድ፣ ስትራንድ፣ አልፋ እና ቦታው የማይገኝለት ሃይላይት

ሹሩባ የተሠራች ገጸ ባህሪ ልትሠሩ ነው እንበል፣ ከፊት ጭንቅላቷ ላይ ተጠግቶ የተጎነጎነ፣ ከኋላ ደሞ ተለቆ ትከሻዋ ላይ የተበተነ፣ ግንባሯ ዳር ላይ ትንንሽ ያልተያዙ ፀጉሮች ያሉባት። ለኛ የለመድነው አሠራር ነው ግን ለሪልታይም ሬንደሪንግ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ሦስት የተለያየ ባህሪ ያለው ፀጉር አንድ ጭንቅላት ላይ ተቀምጧል፣ ብዙ ሰው ደሞ ሦስቱንም ባንድ መንገድ ሊገላገላቸው ይሞክራል። ከታች ያሉትን ስህተቶች በሷ ላይ ነው የማሳያችሁ።

"ስትራንድ ከሆነ የአልፋ ጣጣ የለም" ብሎ መጀመር

ካርድ ማለት ብዙ ዘለላ የተሳለበት ስስ ጠፍጣፋ ሜሽ ነው፣ ቅርፁን የሚሰጠው ቴክስቸሩ ላይ ያለው አልፋ ነው። ስትራንድ ደሞ እያንዳንዱ ዘለላ የራሱ ከርቭ ያለው ነው። ስለዚ ሰው ሲያስበው ስትራንድ እውነተኛ ጂኦሜትሪ ስለሆነ ትራንስፓረንሲ ምናምን አያስፈልገውም ይላል። ሂሳቡን ስትሠሩት ግን ሌላ ነው።

ካሜራው 2 ሜትር ላይ ነው፣ ከላይ ወደታች ያለው የእይታ አንግል 60 ዲግሪ፣ ስክሪኑ 1080 ፒክስል ቁመት አለው። እዛ ርቀት ላይ ካሜራው የሚያየው ቁመት 2.3 ሜትር ገደማ ነው፣ ለ1080 ስታካፍሉት አንድ ፒክስል ወደ 2.1 ሚሊሜትር ይሸፍናል። የሰው ፀጉር ውፍረት ደሞ 0.07 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ማለትም አንድ ፒክስል ውስጥ 30 ዘለላ ጎን ለጎን ይገባል። ካሜራውን 30 ሳንቲሜትር ድረስ ብታስጠጉት እንኳን አንድ ዘለላ የፒክስሉን ሩብ አይሞላም። እንዲሁ ኦፔክ አድርጋችሁ ካወጣችሁት ካሜራው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ፀጉሩ በሙሉ ይርገበገባል፣ ኤምኤስኤኤ 4 ብታደርጉትም አያድናችሁም።

መፍትሄው ዘለላውን አንድ ፒክስል እስኪሞላ ድረስ ማስፋትና የሰፋውን ያህል ኦፓሲቲውን መቀነስ ነው። ኦፓሲቲ ተቀነሰ ማለት ደሞ አልፋ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፣ የቱ ከፊት የቱ ከኋላ የሚለው ጥያቄም አብሮት። ኤኤምዲ በፈረንጆቹ 2013 ያወጣው ትሬስኤፍኤክስ ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ፒክስል ሊንክድ ሊስት ይዞ ፍራግመንቶቹን ሰብስቦ በኋላ ቅርብ ያሉትን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው። ይሄ ደሞ ሜሞሪ ይበላል፣ በ1920 በ1080 ስክሪን ለእያንዳንዱ ፒክስል 8 ፍራግመንት፣ እያንዳንዱን በ12 ባይት ብትይዙ 200 ሜጋባይት ገደማ ለፀጉር ብቻ ሄደ።

ስትራንድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ፊት ላይ ለሚጠጋ ካትሲን የሚያክለው የለም። ግን ስልክ ላይ የሚሮጥ ጌም ከሆነ ወይም ስክሪን ላይ አምስት ስድስት ሰው ባንዴ ካለ ካርድ ነው፣ እኔ በዚህ ብዙም አልከራከርም። መጀመሪያ ፀጉሩን በስትራንድ አበጥራችሁ ከሱ ላይ ካርዱን ቤክ ማድረግ ጥሩ መንገድ ነው፣ አንድ ሥራ ሁለት ቦታ ይጠቅማችኋል።

ሙሉውን ፀጉር ብሌንድ ማድረግ

ካርዱን አስገባችሁ፣ ጠርዙ ለስላሳ እንዲሆን ማቴሪያሉን ትራንስፓረንት አደረጋችሁት፣ ከፊት ስታዩት ያምራል። ከዛ ካሜራውን ዞር ስታደርጉት ከማጅራቷ በኩል ያለው ፀጉር በጆሮዋ በኩል ካለው ፊት መጥቶ ይታያል፣ ከሌላኛው ጎን ስትመጡ ደሞ ደህና ይሆናል። ምልክቱ ይሄ ነው፣ ከአንድ አቅጣጫ ትክክል ከሌላው የተገለበጠ።

ምክንያቱ ኤንጂኑ ትራንስፓረንት ነገሮችን የሚደረድረው ኦብጀክት በኦብጀክት ነው እንጂ ትሪያንግል በትሪያንግል አይደለም። ፀጉሩ አንድ ሜሽ ከሆነ ውስጡ ያሉት ካርዶች የሚሳሉት ኢንዴክስ ባፈሩ ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው፣ ካሜራው የትም ይሁን የት። አንዳንዱ ሰው ዴፕዝ ራይት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፒክስል ከካሜራው ያለውን ርቀት መመዝገቡን፣ አብርቶ ሊያስተካክለው ይሞክራል፣ ያኔ ደሞ ከፊት ያለው ካርድ ግልፅ የሆነው ቦታው ሳይቀር ዴፕዝ ይጽፍና ከኋላ ያለውን ይቆርጠዋል፣ በዘለላዎቹ መሀል የጀርባው ሰማይ ብቅ ይላል።

የሚሠራው ነገር በሁለት ፓስ መሳል ነው። በመጀመሪያው አልፋው ከ0.5 በላይ የሆነውን ብቻ እንደ ኦፔክ ትስላላችሁ፣ ዴፕዝ ይጽፋል፣ ሌላው ይጣላል። በሁለተኛው የቀረውን ለስላሳ ጠርዝ ብሌንድ ታደርጋላችሁ፣ ዴፕዝ ያነባል ግን አይጽፍም። የቅደም ተከተል ስህተቱ አይጠፋም፣ ግን ጠርዝ ላይ ባሉ ጥቂት ፒክስሎች ብቻ ስለሚወሰን አይን አያገኘውም። በተጨማሪ ካርዶቹን ከራስ ቅል ጀምሮ ወደ ውጪ ደርድሯቸው፣ ውስጠኛው መጀመሪያ ውጫዊው መጨረሻ፣ ምክንያቱም ጭንቅላትን ከየትም ብታዩት ለናንተ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ውጫዊው ንብርብር ነው። ይሄን ዘዴ ሾየርማን የሚባል የኤቲአይ ሰው በ2004 ነው ያቀረበው፣ እስካሁን ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ፣ ብሌንደር ላይ በጥንቃቄ ደርድራችሁ ዩኒቲ ስታስገቡት ኢምፖርተሩ ለፍጥነት ብሎ ትሪያንግሎቹን እንደገና ያዘበራርቃቸዋል። `Optimize Mesh` የሚለውን `Nothing` ካላላችሁት የደረደራችሁት ሁሉ ውሃ በላው።

ከሩቅ የሚሳሳውን ፀጉር በቴክስቸር ለማወፈር መሞከር

ማቴሪያሉን ማስክድ አድርጋችሁ፣ ማለትም አልፋው ከመቁረጫ ቁጥሩ በታች የሆነው ፒክስል እንዲጣል አድርጋችሁ፣ ሶርቲንጉን ገላገላችሁት፣ አሁን ደሞ ገጸ ባህሪዋ ራቅ ስትል መላጣ ትሆናለች። ብዙ ሰው ተመልሶ ቴክስቸሩ ላይ ዘለላ ይጨምራል፣ ከዛ ከቅርብ ሲያዩት እንደ ጆንያ ይሆናል።

ጉዳዩ ሚፕማፕ ነው፣ ማለትም ኤንጂኑ ከሩቅ ለሚታይ ነገር የሚጠቀምባቸው በየደረጃው በግማሽ እያነሱ የሚሄዱ የቴክስቸሩ ቅጂዎች። ቴክስቸራችሁ ላይ አንድ ዘለላ 1 ፒክስል ስፋት አለው እንበል፣ አልፋው 1፣ በየ4 ፒክስሉ አንድ ዘለላ አለ። ሩቡ ተሸፍኗል ማለት ነው። ሚፕ 1 ላይ ሁለት ሁለት ፒክስል ሲዋሃድ ዘለላው 0.5 ይሆናል፣ ሚፕ 2 ላይ አራቱም ተዋህደው ሁሉም ቦታ 0.25 ይሆናል። መቁረጫችሁ 0.5 ከሆነ ሚፕ 2 ላይ የሚተርፍ አንድም ፒክስል የለም፣ ፀጉሩ በቃ ጠፋ። ማስተካከያው ለእያንዳንዱ ሚፕ አልፋውን ከፍ አድርጎ የተሸፈነውን ስፋት ከመጀመሪያው ጋር ማቀራረብ ነው፣ ዩኒቲ ላይ የቴክስቸሩ ኢምፖርት ውስጥ `Preserve Coverage` ይላል፣ እዛው የምትሰጡት የመቁረጫ ቁጥር ሼደራችሁ ላይ ካለው ጋር እኩል መሆኑን ግን እዩ። ከላይ እንዳለው ሁሉም ቦታ እኩል 0.25 ከሆነ ግን እሱም አይረዳም፣ ወይ ሁሉንም ያስቀራል ወይ ሁሉንም ያጠፋል፣ ስለዚ ዘለላዎቹን እኩል ርቀት ላይ አትደርድሩ፣ አንዳንድ ቦታ ተጠጋግተው አንዳንድ ቦታ ይራራቁ። አንሪል ላይ የምትሠሩ ደሞ ማስኩን በ`DitherTemporalAA` ብታሳልፉት ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን ቲኤኤ ካልበራ ነጠብጣብ ብቻ ነው የምታዩት።

የተሳሳተ ታንጀንት

ፀጉር ላይ ብርሃን ሲያርፍ እንደ ኳስ ክብ ነጥብ አይሠራም፣ ዘለላዎቹን አቋርጦ የሚሄድ መስመር ነው የሚሠራው። አኒሶትሮፒክ የሚባለው እሱ ነው። ካጂያ እና ኬይ በ1989 ያወጡት ሞዴል ይሄን የሚያገኘው ከኖርማል ሳይሆን ዘለላው ከሚሄድበት አቅጣጫ ነው፦

```hlsl
float3 T  = normalize(B + shift * N);
float  TH = dot(T, normalize(L + V));
float  s  = pow(sqrt(saturate(1 - TH * TH)), power);
```

`N` ኖርማል ነው፣ `L` ወደ ብርሃኑ፣ `V` ወደ ካሜራው የሚያመለክት አቅጣጫ፣ `B` ባይታንጀንት፣ `shift` ደሞ ሃይላይቱን በዘለላው ላይ ወደ ሥር ወይም ወደ ጫፍ የሚያንሸራትት ቁጥር። እዚህ ውስጥ `B` መሆኑን ልብ በሉ። ቴክስቸራችሁ ላይ ዘለላዎቹ ከላይ ወደታች የተሳሉ ከሆነ አቅጣጫቸው የዩቪው V ነው፣ የሜሹ ታንጀንት ግን የዩቪውን U ነው የሚከተለው፣ ስለዚ የሚያስፈልጋችሁ ባይታንጀንት ነው። መሳሳታችሁን የምታውቁት መስመሩ ፀጉሩን ማቋረጡን ትቶ አብሮት ቁልቁል ሲወርድ ነው፣ ያኔ ካርዱ እንደ ላስቲክ ጥብጣብ ይመስላል።

ሁለተኛው የተደበቀ ነው። ቦታ ለመቆጠብ አንዳንድ ካርዶችን ዩቪ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጣችሁ ከሆነ አቅጣጫው ከሥር ወደ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ ከጫፍ ወደ ሥር ይሆናል። `shift` ዜሮ እስከሆነ ድረስ ምንም አይታወቅም፣ ምክንያቱም ቀመሩ ውስጥ ያለው ካሬ ምልክቱን ያጠፋዋል። `shift` ስትጨምሩ ግን የተገለበጡት ካርዶች ላይ ሃይላይቱ በተቃራኒው ይሄዳል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። ሼደሩ በቀለም `B` ን ብቻ እንዲያወጣ አድርጉትና እዩት፣ ጎን ለጎን ያሉ ካርዶች ቀለማቸው በድንገት ከተለያየ አገኛችሁት።

ስለ `shift` ካነሳን፣ ማርሽነርና ባልደረቦቹ በ2003 እንዳሳዩት ፀጉር ሁለት ሃይላይት አለው፣ አንዱ ከላዩ ላይ የሚነጥር የብርሃኑን ቀለም የያዘ ወደ ጫፍ ጠጋ ያለ፣ ሌላው ውስጥ ገብቶ የሚመለስ የፀጉሩን ቀለም የያዘ ወደ ሥር ጠጋ ያለ። ኦንላይን ያሉት ቱቶሪያሎች አብዛኞቹ በብሎንድ ፀጉር ላይ ስለሆኑ ሁለተኛውን ደማቅ ያደርጉታል። ጥቁር ፀጉር ላይ ግን ውስጥ የገባውን ብርሃን ሜላኒኑ ይውጠዋል፣ ሁለተኛው አለ ለማለት ይከብዳል። ቱቶሪያሉን እንዳለ ስትገለብጡት ልጅቷ ሂና የተቀባች ትመስላለች።

ሹሩባውንና ጎፈሬውን እንደ ለስላሳ ፀጉር ማየት

ጭንቅላት ዙሪያ የሚዞረው አንድ ወጥ ቀለበት የሚመጣው ጎረቤት ዘለላዎች አቅጣጫቸው ሲመሳሰል ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ላይ አንዱ ዘለላ ራሱ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ዞሮ ይመጣል፣ ስለዚ መስመሩ ተበትኖ ትንንሽ ብልጭታ ይሆናል። ጥቅሉን ካርድ ላይ ስላችሁ አቅጣጫውን ግን ቀጥ ካለው ካርድ ከወሰዳችሁ ጎፈሬው ላይ የሻምፑ ማስታወቂያ ቀለበት ይወጣል። አቅጣጫውን በፍሎው ማፕ ስጡት፣ ማለትም ዘለላው እዛ ፒክስል ላይ ወዴት እንደሚሄድ ቴክስቸር ላይ ጻፉት።

የሹሩባው ክፍል ደሞ ካርድም ስትራንድም አይፈልግም። እያንዳንዱን ጉንጉን እንደ ቱቦ ሞዴል አድርጉት፣ ሙሉ በሙሉ ኦፔክ፣ ፍሎው ማፑ ላይ ዘለላዎቹ ከጉንጉኑ መሀል መስመር ግራና ቀኝ እያጋደሉ የሚወርዱ ይሁኑ። ያኔ ብርሃኑ ራሱ እየተፈራረቀ የጉንጉኑን ቅርፅ ያወጣዋል፣ ኖርማል ማፕ ብቻውን ይሄን አያመጣም። የሶርቲንግ ችግሩም ግማሹ እዚሁ ያልቃል፣ አልፋ የሚያስፈልገው ግንባር ላይ ላሉት ትንንሽ ፀጉሮችና ከኋላ ለተበተነው ብቻ ስለሆነ። አስቸጋሪው ጉንጉኑ የሚፈታበት ቦታ ነው፣ ቱቦው በድንገት ቆሞ ካርዱ ከጀመረ ስፌቱ ይታያል፣ ስለዚ የመጀመሪያዎቹን ካርዶች ከቱቦው ውስጥ አስጀምሯቸውና እዛ አካባቢ የሁለቱም ፍሎው አንድ አቅጣጫ እስኪይዝ ድረስ ቀስ እያለ ይቀየር።