የሱቅ ዕቃ ለመግዛት ዕቁብን ከባንክ ብድር ጋር እንዴት ማመዛዘን ይቻላል?

ብዙ ነጋዴዎች ዕቁብ ወለድ ስለሌለው ያለ ሌላ ስሌት ከባንክ ብድር ይሻላል ይላሉ። እንዲህ ከማለት በፊት ግን ዕጣው ለእርስዎ የሚደርስበትን ሳምንት ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ ዕቁብ ምን ያህል የሰው ገንዘብ እንደሚያበድርዎትና ለስንት ጊዜ እንደሚያበድርዎት የሚወስነው እሱ ነው።

በመጀመሪያ የሚያስፈልግዎትን የገንዘብ መጠንና ዕቃው ሱቅ መግባት ያለበትን የመጨረሻ ቀን ይጻፉ። መርካቶ ውስጥ የልጆች ልብስ የምትሸጥ ነጋዴን እንውሰድ። ለእንቁጣጣሽ ገበያ የ60,000 ብር ልብስ እስከ ነሐሴ 15 ድረስ መግዛት አለባት። ሐምሌ ላይ የሚጀመር፣ 20 አባላት ያሉትና እያንዳንዱ በየእሑዱ 3,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ ውስጥ ልግባ ወይስ ከባንክ ልበደር እያለች ነው። የነሐሴ አጋማሽ ስድስተኛው ሳምንት ነው፤ በዚያ ቀን ዕጣው እንደሚደርሳት ዋስትና ስለሌላት ከደረሰው ሰው በ2,500 ብር ለመግዛት አስባለች።

ቀጥሎ ከዕጣው ውስጥ የራስዎትን ገንዘብ ይቀንሱ። ነጋዴዋ እስከ ስድስተኛው ሳምንት 18,000 ብር ትጥላለች፤ ስለዚህ ከ60,000 ብሩ ውስጥ በእርግጥ የምትበደረው 42,000 ብር ብቻ ነው፤ እሱንም በቀሩት 14 ሳምንታት ትመልሳለች። ዕጣውን በ15ኛው ሳምንት በዚሁ 2,500 ብር ብትገዛ ኖሮ 45,000 ብሩ የራሷ ስለሚሆን፣ 15,000 ብር ለአምስት ሳምንት ለመበደር የብድሩን አንድ ስድስተኛ ትከፍል ነበር። የዕጣ ዋጋ ውድ ወይም ርካሽ የሚባለው በዚህ ስሌት እንጂ በብሩ መጠን ብቻ አይደለም። ዳኛው ወይም ጸሐፊው ከዕጣው የሚወስዱት ድርሻ ካለ እሱም ወጪው ላይ ይደመር።

ከዚያ ለዚያው 42,000 ብር ባንኩ የሚጠይቀውን ያስሉ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የአገልግሎት ክፍያው 2 በመቶ፣ መመለሻውም ስድስት ወር ነው ብንል፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ 2,230 ብር ገደማ ይሆናል፤ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 3,070 ብር አካባቢ ይደርሳል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚታሰብ ከሆነ ግን ወለዱ ብቻ 3,780 ብር ነው። ስለዚህ የወለዱን መቶኛ ብቻ ሰምተው አይመለሱ፤ የየወሩ ክፍያ የተዘረዘረበትን ሰንጠረዥ ጠይቀው ከመፈረምዎ በፊት ድምሩን ራስዎ ያስሉ።

በብር ሲታይ 2,500 ከ3,070 ያንሳል። ይሁን እንጂ የዕቁቡ ገንዘብ በ14 ሳምንት ተመልሶ ሲያልቅ የባንኩ ስድስት ወር ይቆያል፤ በወር ሲታሰብ ርካሹ የባንኩ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ በመክፈያው ላይ ይበልጥ ይታያል። ለባንኩ በወር 7,370 ብር ገደማ የምትከፍለው ነጋዴ ለዕቁቡ በአራት ሳምንት 12,000 ብር መጣል አለባት። የልጆች ልብስ ደግሞ ከአዲስ ዓመትና ከትምህርት መክፈቻ በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የዕቁቡ ክፍያ ግን እስከ ኅዳር አጋማሽ ይቀጥላል። ከመስከረም 1 በኋላ ወደ 11 የሚጠጉ እሑዶች፣ ማለትም 33,000 ብር ይቀራሉ። ይህን ገንዘብ ከበዓሉ ሽያጭ ላይ አስቀድማ ካልለየችና ሌላ ዕቃ ከገዛችበት፣ በጥቅምት ዕቁቧን የምትጥለው ከቤት ወጪ ቀንሳ ይሆናል። የዚህ ምልክቱ ቶሎ ይታያል፤ የሳምንቱ ሽያጭ ትርፉን ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ እየበላ ዕቁብ መክፈል ሲጀምር ነው።

ባንኩ በበኩሉ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የሒሳብ እንቅስቃሴና መያዣ ይጠይቃል፤ የመያዣው ግምት ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ቀን እንጂ ማመልከቻው የጸደቀበትን ቀን አይቁጠሩ። ብድሩ ጳጉሜን ላይ የሚለቀቅ ከሆነ ለበዓሉ ገበያ ዕቃ አያደርስም፤ በዚህ ሁኔታ ወለዱ የቱንም ያህል ቢያንስ ውሉን ባይፈርሙ ይሻላል።

በዕቁብ በኩል የሚያሰጋው ቀድሞ ዕጣ የበላ አባል መጣሉን ማቆሙ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ገና ዕጣ ባልደረሳቸው ሰዎች ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወስድ ሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪም ነው፤ የዕቃ ዋጋም እስከዚያ ሊጨምርበት ይችላል። ከመግባትዎ በፊት እያንዳንዱ ዕጣ የሚሰጠው በስንት ዋስ እንደሆነ፣ ቼክ ይያዝ እንደሆነና ዕጣ መግዛት በጽሑፍ ደንቡ የተፈቀደ መሆኑን ይጠይቁ። ዳኛው «ሁላችንም እንተዋወቃለን» ብቻ ካለ፣ የዕቃ መግዣ ገንዘብዎን እዚያ አያስቀምጡ።

ለነጋዴዋ ባንኩ ገንዘቡን እስከ ነሐሴ 15 እንደሚለቅ በእርግጠኝነት ካሳወቃትና የምታስይዘው ካላት፣ ወደ ዕቁቡ ከመግባት ይልቅ በየሳምንቱ የምትቆጥበውን 18,000 ብር በእጇ ይዛ 42,000 ብሩን ከባንክ ብትበደር ይሻላታል፤ የክፍያው ጫና ቀላል ነው። ቀኑ ካልተረጋገጠ ግን ዕቁቡ ውስጥ ገብታ ዕጣውን ትግዛ፤ 33,000 ብሩንም ከበዓሉ ሽያጭ ለይታ በሌላ የቁጠባ ሒሳብ ታስቀምጥ።