የጉድጓዱ እርዳታ ትርፍ አይደለም

የድርጅታችን ሂሳብ በዓመቱ መጨረሻ ያልጠበቅነው ትርፍ አሳየ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ለ10 የውሃ ጉድጓዶች የተላከው 3,000,000 ብር በገባበት ቀን ሙሉውን ገቢ ተብሏል። ውሉ ግን ለአንድ ጉድጓድ 300,000 ብር የሚታሰበው ርክክብ ሲፈጸም ነው ይላል፤ ያለዚያ ብሩ ይመለሳል።

ርክክብ የተፈጸመላቸው ጉድጓዶች 4 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ገቢው 1,200,000 ነው። ቀሪውን 1,800,000 ገቢን ዴቢት፣ «በቅድሚያ የተቀበልነው እርዳታ» የሚለውን የዕዳ ሂሳብ ክሬዲት አድርጌ አዛወርኩት። አምስተኛው ጉድጓድ ግማሽ ተቆፍሮ ገንዘብ ወጥቶበታል። ቢሆንም ገቢ አላልኩትም፤ ውሉ የሚጠይቀው ርክክብ እንጂ ወጪ አይደለም።

አሁን የርክክብ ሰነድ በመጣ ቁጥር ከዕዳው 300,000 ቀንሼ ወደ ገቢ አስገባለሁ። የዕዳው ቀሪ ለ300,000 ሲካፈል ርክክብ ካልተፈጸመላቸው ጉድጓዶች ቁጥር ጋር ካልገጠመ፣ የሆነ ሰነድ ተዘሏል ማለት ነው።