የሶፍትዌር ሥራ ኦፈር ሲመጣ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ የሶፍትዌር ሥራ ኦፈር ደረሳችሁ እንበል። ብዙ ሐበሻ እዚህ ጋ ይሉኝታ ይይዘዋል። "ሥራ ሰጥተውኝ ደግሞ ጨምሩልኝ ልበል?" ይላል። ይባላል። ቀጣሪውም ብዙ ጊዜ ይጠብቀዋል። ብቻ ስልክ ላይ ወዲያው "እሺ" አትበሉ። አመስግኑና ዝርዝሩ በኢሜይል እንዲላክላችሁ ጠይቁ።

ዝርዝሩ ሲመጣ መጀመሪያ የጤና ኢንሹራንሱን እዩ፤ በተለይ ባለቤትና ልጆች ካሏችሁ። ሁለት ኦፈር እናወዳድር። አንደኛው በዓመት 98 ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ ለቤተሰብ ኢንሹራንስ ግን በወር 700 ይቆርጣል። ሁለተኛው 94 ሺህ ነው፤ የሚቆርጠው 250 ብቻ። በዚያ ላይ ፎር ኦ ዋን ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ እናንተ የደመወዛችሁን 4 በመቶ ስታስቀምጡ እሱም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ከታክስ በፊት ስናሰላው የመጀመሪያው 89,600 ላይ ይወርዳል፣ ሁለተኛው 94,760 ይደርሳል። "ትንሹ" ደመወዝ በለጠ ማለት ነው። ቀጣሪው የጨመረው የጡረታ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ግን ጠይቁ። ቶሎ ከለቀቃችሁ ሊቀር ይችላል።

ጭማሪ ስትጠይቁ መነሻችሁ የሥራ ማስታወቂያው ይሁን። ከ2024 ጀምሮ ዲሲም ሜሪላንድም ማስታወቂያ ላይ የደመወዙ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን እንዲጻፍ በሕግ ያስገድዳሉ። 90 እስከ 110 ሺህ ተብሎ 94 ከሰጧችሁ፣ ኢሜይሉ እንዲህ ዓይነት ይሁን፦ "ስለ ኦፈሩ አመሰግናለሁ፤ ከቡድኑ ጋር ለመሥራት ጓጉቻለሁ። ካለኝ የአራት ዓመት የባክኤንድ ልምድ አንጻር ደመወዙን 102 ሺህ ማድረግ ይቻል ይሆን?" በቃ። የቤት ኪራይ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አይነሳ። የሚከፍሉት ለሥራው ነው። አንድ ቁጥር ጥሩና ዝም በሉ። "ካልሆነም ችግር የለም" ብላችሁ ራሳችሁ አታፍርሱት።

"በጀቱ አይፈቅድም" ካሉ ፊርማ ላይ የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ቦነስ ጠይቁ። ወይም ደመወዙ ከስድስት ወር በኋላ እንዲገመገም፣ ቀጣዩ ደረጃ ምን እንደሚጠይቅም እንዲነግሯችሁ። "ወደፊት እናያለን" የሚለውን የቃል ተስፋ ግን እንደሌለ ቁጠሩት። በጽሑፍ ይሁን።

የመጀመሪያ ቀናችሁም ገንዘብ አለው። ብዙ ድርጅት ጋ ኢንሹራንሱ የሚጀምረው ከተቀጠራችሁበት በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። እንዲህ ከሆነ መጋቢት 30 የገባ ሰው ሚያዝያ 1 ይሸፈናል፤ ሚያዝያ 2 የገባ ግን እስከ ግንቦት 1 ይጠብቃል (ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ስለዚህ ቀኑን ሁለት ሦስት ቀን ማስቀደም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። አሁን ኡበርም ይሁን መጋዘን የምትሠሩበትን ሥራ ደግሞ፣ የጀርባ ታሪክ ምርመራው አልቆ የተፈረመው ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ አትልቀቁ።