ቀን መተኛት ለተወ ልጅ "ተኛ!" አትበሉት

ባሕር ዳር ቆርቆሮው በሚግልበት በሰባት ሰዓት፣ እኔ ቤት የሚውሉት የጎረቤት ልጆች ምሳቸውን ጨርሰው ይጋደማሉ። ትንንሾቹ ይተኛሉ። ትልልቆቹ ግን እንቅልፉን ትተዋል፤ ወላጆቻቸው የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት "ተኛ!" ማለት ነው። ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል! እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም። ጭራሽ "አያ ጅቦ ይመጣብሃል" ሲጨመርበት ልጁ ማታም አልጋውን ይፈራል። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር የሆነው አንድ ልጅ እኔ ጋ ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ እየተኛ፣ ቤቱ እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት አልተኛም ይል ነበር። እናቱ "አስቸገረኝ" አለች። ያስቸገራት የቀኑ እንቅልፍ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ አትተኛም፣ ታርፋለህ" አልኩት። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ብቻ፣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ። በየሦስት ቀኑ 5 ደቂቃ ስጨምር በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ 45 ደረሰ። ሰዓት ማንበብ ስለማይችል ምልክታችን መጋረጃው ነው፤ ሲዘጋ ዕረፍት፣ ሲከፈት ጨዋታ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ የሚሞክሩ ሰዎች በሁለተኛው ቀን ይተዉታል፤ አይገርመኝም።

ሁለተኛው ቸኩሎ እንቅልፉን ማስተው ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ሁለት ሳምንት እንቢ ቢል እንቅልፉን ትቷል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የሚተዉት ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዩት፦ እንጀራው ተቆረሰ ብሎ የሚያለቅስ፣ ባጃጅ ላይ ገና ከመቀመጡ የሚያሸልብ ልጅ የቀን እንቅልፉን ገና ይፈልጋል።

ስልክ መስጠት ዕረፍት አይደለም። ሲቀሟቸው የሚመጣውን ጩኸት ታውቁታላችሁ።

የማታውን ሰዓት አለማስተካከል የራሴ ጥፋት ነው። ልጄ ቀን መተኛት ስትተው ማታ የምትተኛው እንደድሮው በሦስት ሰዓት ነበር። አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አሸለበች፤ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ዓይኗን አፍጥጣ ቆየች፣ እኔም ተቆጣኋት። መኝታዋን ወደ ሁለት ሰዓት ካመጣሁት በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። አሁንም ከአሥር ሰዓት በኋላ ባጃጅ ላይ ከሆንን እያወራኋት፣ ዛፍ እያስቆጠርኳት ነው የምንሄደው።

በዕረፍቱ ሰዓት የምትሰጧቸውን ዕቃም ምረጡ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ፣ ካርቶን፣ የእንጨት ማንኪያ፣ አሮጌ ነጠላ ይበቃል። እኔ አንዴ ባቄላ በሰፌድ ሰጥቼ ዞር ስል አንዷ አፍንጫዋ ውስጥ ከታው፤ ጤና ጣቢያ ወስደን ነው የወጣላት።