ጥቁር ዳቦ እየበሉ ስኳር አልወርድ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክት፦ ነጭ ዳቦ ትታችኋል፣ ሆድ ግን አሁንም ይደርቃል፣ ቶሎም ይርባችኋል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዳቦው ነው። ጥቁር መስሎ ፉርኖ ነው።

ፉርኖ ዱቄት የስንዴው መሀል ብቻ ነው። ፉርሽካውና የሚበቅለው ጫፉ ወጥተዋል፤ አብዛኛው ፋይበር፣ ቫይታሚን ቢ እና ማግኒዚየም ያለው ደግሞ እዚያ ነው። 100 ግራም ሙሉ የስንዴ ዱቄት 10 ግራም ያህል ፋይበር አለው፣ ፉርኖ 3 ገደማ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ድብልቁን ስጠይቀው ያለ ምንም ሀፍረት «አራት እጅ ፉርኖ፣ አንድ እጅ ሙሉ፤ ካለዚያ አይነፋም» አለኝ። አስሉት፤ ከ100 ግራሙ ዱቄት 4.4 ግራም ፋይበር ብቻ ይገኛል። ዋጋው ግን የጤና ዳቦ ዋጋ ነው! አንዳንዱ ደግሞ የተቃጠለ ስኳር ቀለም ይጨምርበታል። የታሸገ ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ፣ መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ካልታሸገ ቁረጡና እዩ፦ ነጠብጣብ ፉርሽካ ሳይታይበት ወጥ ቡናማ ከሆነ ተጠራጠሩ።

መፍትሄው ስንዴ ገዝቶ፣ ለቅሞ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያበሳጨኝ። አክስቴ ይህን ሁሉ ለፍተው አስፈጩና ቤት ሲገቡ በወንፊት ነፍተው ፉርሽካውን ለዶሮ ሰጡት። ዶሮዎቹ ተጠቀሙ፣ እሳቸው እንደገና ፉርኖ በሉ። አትንፉት!

ምልክት፦ እውነተኛ ሙሉ ዱቄት ነው፣ ስኳር ግን ከምግብ በኋላ ይዘላል

ይሄ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ፉርሽካው ቢኖርም ዱቄቱ ከላመ ስታርቹ ለሆድ ተጋልጦ ስለሚቀርብ፣ ሙሉ ዱቄት ዳቦ ስኳር የሚያወጣበት ፍጥነት ከነጩ ብዙም አይርቅም። ፍጥነቱን የሚቀንሰው የፍሬው አለመላም ነው። ስለዚህ ጠዋት ከዳቦ ይልቅ የስንዴ ቅንጬ ሞክሩ፤ ዳቦም ከሆነ በሻካራው አስፈጩ፣ ከምስር ወጥ ጋር ብሉ፣ መጠኑንም ቀንሱ። ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክታችሁ አወዳድሩ። መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ዳቦ ስለቀየራችሁ መጠኑን በራሳችሁ እንዳትነኩ። ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ በተለይ፣ ምክንያቱም ዱቄትን በድንገት መቀነስ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል።

ሌሎች

ሆድ ከተነፋ፦ በአንዴ ጀምራችኋል፤ ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ ውሃም ጠጡ።

የደም ማነስ ካለ፦ ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረትን ይይዛል። ሊጡ አድሮ በደንብ ይቡካ፣ ሻይም ከምግቡ ጋር አይሁን።

ዱቄቱ ከመረረ፦ የጫፉ ዘይት ተበላሽቷል። ጣሉት፣ ሲቀጥል ትንሽ ትንሽ አስፈጩ።