ኮክሊያን ከካርቶን እንሥራ፦ የግራይንደር ድምፅ ጆሮ ውስጥ የት ነው የሚያርፈው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ጎረቤት አሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግራይንደሩ ይነሳል፣ ሲመሽ ነው ዝም የሚለው። ሰሞኑን «ድምፁን እሰማለሁ እኮ፣ ግን ሰው የሚለው አይገባኝም» አሉኝ። «ስ» እና «ፍ» ያሉበት ቃል ያመልጣቸዋል። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ካርቶን ቆርጬ ሠራሁላቸው፤ እናንተም አሥር ደቂቃ ካላችሁ ትሠሩታላችሁ።

35 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ካርቶን ቁረጡ። ኮክሊያ፣ ማለትም የውስጠኛው ጆሮ ጥምዝ ቱቦ፣ ቢዘረጋ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የእኛ አሥር እጥፍ ነው። አንዱን ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላውን 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስጡት። ይህ ቱቦው ራሱ አይደለም፣ በቱቦው ርዝመት የተዘረጋው ባዚላር የሚባለው ስስ ሽፋን ነው (ስፋቱን ለዓይን እንዲመች አጋንኜዋለሁ)። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቱቦው ወደ ጫፉ እየጠበበ ሲሄድ ሽፋኑ ግን እየሰፋ ነው የሚሄደው። መግቢያው ላይ ጠባብና ግትር፣ ጫፉ ላይ ሰፊና ልል ነው። እንደ ክራር ክር አስቡት፣ የተወጠረው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ወፍራም።

አሁን ከጠባቡ ጫፍ እየለካችሁ ምልክት አድርጉ። 8000 ኸርዝ 7 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ 4000 ኸርዝ 12 አካባቢ፣ 1000 ኸርዝ 21፣ 250 ኸርዝ ደግሞ 29 አካባቢ ይውላል። ሰፊው ጫፍ መሃል እንዲሆን አድርጋችሁ ሁለት ዙር ተኩል ጠቅልሉት። ቀንድ አውጣ ወጣላችሁ።

ግራይንደሩን እናስነሳ። ድምፁ ታምቡርን ይመታል፣ ሦስቱ ትንንሽ አጥንቶች ይቀባበሉታል፣ የመጨረሻው፣ እርካብ የሚመስለው፣ የኮክሊያን መስኮት ይገፋል። ውስጡ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ከታች ያለው ሁለተኛው መስኮት ወደ ውጭ ይነፋል። በዚህ መግፋትና መነፋት መካከል ሽፋኑ ላይ ሞገድ ይነሳና ከጠባቡ ጫፍ ወደ ሰፊው ይጓዛል፤ የራሱ ቦታ ሲደርስ ያብጥና እዚያው ይሞታል። ይህን ጉዞ ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ ጆሮ ላይ በዓይኑ ያየው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ በ1961 እ.ኤ.አ. ኖቤል አግኝቷል።

እስካሁን ያየነው ንቅናቄ ብቻ ነው፣ ነርቭ አልነካንም። ሽፋኑ ላይ ፀጉር ያላቸው ህዋሳት ተደርድረዋል፦ ከውስጥ በኩል አንድ ረድፍ፣ ወደ 3500፤ ከውጭ በኩል ሦስት ረድፍ፣ ወደ 12000። ሽፋኑ ሲወዛወዝ ፀጉሮቹ ይጎነበሳሉ። የአንዱ ፀጉር ጫፍ ከረዘመው ጎረቤቱ ጋር በቀጭን ክር የታሰረ ስለሆነ፣ ሲጎነበሱ ክሩ ይወጠርና የህዋሱን በር ይከፍታል። ፀጉሮቹ የተነከሩበት ፈሳሽ ፖታሲየም የሞላበትና ወደ 80 ሚሊ ቮልት ፖዘቲቭ ነው፣ የህዋሱ ውስጥ ደግሞ ኔጋቲቭ። በሩ ሲከፈት ፖታሲየሙ ማንም ሳይገፋው ዘሎ ይገባል። ያኔ ከህዋሱ ሥር ካልሲየም ይገባል፣ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ይረጫል፣ ከሥሩ የተጠጋው ነርቭ ይተኩሳል። ይሄው ነው። አንጎል ቀጭን ድምፅ መሆኑን የሚያውቀው በዋናነት የትኛው ቦታ እንደተኮሰ አይቶ ነው።

የውጪዎቹ ሦስት ረድፎች ሥራ ሌላ ነው። እየተኮማተሩና እየረዘሙ ሽፋኑን አብረው ያወዛውዛሉ፣ ማለትም አምፕሊፋየር ናቸው። ጩኸት ቀድሞ የሚያደክመውም እነሱን ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የጆሮ ቀዳዳችን በቅርፁ ምክንያት 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል፣ ጉዳቱ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ወደ ቀጭኑ ይዞራል። ስለዚህ እስክሪብቶ አንሱና ካርቶኑ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር አካባቢን አጥቁሩት። የእሳቸው ጉዳት እዚያ ነው። «ስ» እና «ፍ» ጉልበታቸው በአብዛኛው በቀጭኑ በኩል ስለሆነ ይጠፋሉ፣ «ኦ» እና «ኡ» ወፍራሞቹ ግን ወደ ጫፉ ስላሉ ይተርፋሉ፤ ሰው እየጮኸ ቢያወራቸውም ያው ነው። የመስማት ምርመራ ሲነሡ ግራፉ 4000 ላይ ወርዶ 8000 ላይ መልሶ ከወጣ ጥርጣሬው ወደ ጩኸት ነው። ዕድሜ ብቻውን ሲሆን ግን ግራፉ ወደ ቀጭኑ እየወረደ ይቀራል እንጂ አይመለስም። ከሥራ በኋላ ጆሮ «ጭው» ብሎ በማግስቱ ከተሻለ ህዋሳቱ ደክመው ነበር ማለት ነው፤ ሲደጋገም ግን ይሞታሉ።

«እና ተመልሶ አይበቅልም?» አሉኝ፣ ካርቶኑን እያገላበጡ። የሰው አይበቅልም አልኳቸው። ግቢያቸው ውስጥ የሚጭሩትን ዶሮዎች አሳየኋቸው፦ የእነሱ ግን ይበቅላል፣ በሳምንታት ውስጥ። ዶሮዎቹን በቅናት አዩአቸው።