ፎቶው ሳይደርስ መግለጫ አትጻፉ

«ለዚህ ፎቶ መግለጫ ጻፍልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ፎቶው ግን የለም። ብዙ ጊዜ ላኪው ማያያዝ ረስቶ ነው፣ ወይም ፋይሉ ከብዶ አልሄደለትም። በግምት አትጀምሩ። ወዲያው «ፎቶው አልደረሰኝም፣ እንደገና ላክልኝ» በሉት።

በዚያው ፎቶው የማይናገረውን ጠይቁ፦ ከግራ ወደ ቀኝ እነማን ናቸው? የትና መቼ ተነሳ? መግለጫውስ የት ይወጣል? አንዴ የተቃቀፉ ሁለት ሴቶች አይቼ «የመገናኘት ደስታ» ልል ነበር። ለካ ስንብት ኖሯል! ይህን ከላኪው በቀር ማን ይነግረኛል?

መግለጫው ማየት ለተሳናቸው ከሆነ ደግሞ የሚታየውን ብቻ ጻፉ፦ «ሁለት ሴቶች በር ላይ ተቃቅፈዋል፤ አንዷ ሻንጣ ይዛለች።»